በጥንድ የኮድ ፈተና ውስጥ ፍንጭና የሚለወጥ መስፈርት

ጥንድ ፕሮግራሚንግ ሁለት ባለሙያዎች አንድን ኮድ አብረው የሚሠሩበት፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው አካሄዱን የሚከታተልበት ዘዴ ሲሆን፣ በቅጥር ፈተና ላይ ይህን የሁለተኛውን ሰው ቦታ ፈታኙ ራሱ ይይዛል። ስለዚህም የሚመዘነው የመጨረሻው ኮድ ብቻ ሳይሆን ተፈታኙ ከጎኑ የሚሰማውን ሐሳብ የሚይዝበት መንገድ ጭምር ነው።

ለምሳሌ ጥያቄው አንድ ተጠቃሚ በ60 ሴኮንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ሰርቨሩን እንዳይጠይቅ የሚያግድ ፕሮግራም መጻፍ ይሁን። ብዙዎች የሚጀምሩት በየደቂቃው ወደ ዜሮ በሚመለስ ቆጣሪ ነው፤ አጀማመሩ የሚነቀፍ አይደለም። ፈታኙ ግን «በ59ኛውና በ61ኛው ሴኮንድ ላይስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ የመሰለ ፍንጭ ነው። አንዳንዱ ተፈታኝ ኮዱን ለመከላከል ይቸኩላል፤ ሌላው፣ ምናልባትም ይበልጥ በሚጎዳ ሁኔታ፣ ነገሩ ሳይገባው የጻፈውን ሁሉ ይሰርዛል። የሚሻለው ፍንጩን በራስ አነጋገር ደግሞ በቁጥር መፈተሽ ነው፦ በ59ኛው ሴኮንድ 5 ጥያቄ ያልፋል፣ በ60ኛው ቆጣሪው ይጸዳል፣ በ61ኛው ሌላ 5 ያልፋል፤ በ2 ሴኮንድ ውስጥ 10 አለፈ ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚወድቅ ቴስት ሆኖ ሲጻፍ ስሕተቱ ለሁለቱም በግልጽ ይታያል፤ ፈታኞችም አልፎ አልፎ ስለሚሳሳቱ፣ ያው ቴስት የማያስኬድ ፍንጭን ያለ ክርክር ይለያል።

መፍትሔው የእያንዳንዱን ጥያቄ ሰዓት በወረፋ ይዞ ያረጀውን ማውጣት ነው፦

```python
def allow(q, now):
    while q and q[0] <= now - 60:
        q.popleft()
    if len(q) >= 5:
        return False
    q.append(now)
    return True
```

`now` ከውጭ የሚሰጥ በመሆኑ ቴስቱ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ፈታኙ «ከፋይ ደንበኞች 100 ይፈቀድላቸው» ቢል፣ መስፈርቱ የተለወጠው ሆን ተብሎ ነውና ቅሬታም ሆነ በችኮላ የተሰካ `if` አይበጅም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ያልተለወጠው ነገር ነው፦ የ60 ሴኮንዱ ልክ እንዳለ ነው? በደቂቃው መካከል ከፋይ የሆነ ሰው ቀድሞ የላካቸው ጥያቄዎች ይቆጠሩበታል? መልሱ ከታወቀ በኋላ ሥራው በሁለት እርምጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ 5 የሚለው ቁጥር ከኮዱ ወጥቶ ገደቡን በሚመልስ ፈንክሽን ውስጥ ይገባል፤ ፈንክሽኑ ለጊዜው ለሁሉም 5 ስለሚመልስ የቀድሞዎቹ ቴስቶች በሙሉ ማለፍ አለባቸው። ካለፉ ብቻ ለከፋዮች 100 እንዲመልስ ይደረጋል። አንድ ቴስት ቢወድቅ ጥፋቱ በየትኛው እርምጃ እንደገባ ወዲያው ይታወቃል።

ጊዜው ካጠረ ያልተሠራውን በቃል መናገር ይበቃል፦ ገደቡ ሲያድግ ወረፋው ለእያንዳንዱ ከፋይ የእስከ 100 ጥያቄዎችን ሰዓት ስለሚይዝ ሜሞሪ ይበላል፤ የአሁኑንና ያለፈውን ደቂቃ ቆጠራ በማመዛዘን የሚገምተው ዘዴ ደግሞ ሜሞሪ ቢቆጥብም ትክክለኛነቱ በጥቂቱ ይቀንሳል።