ለበዓል የሚያጌጥ የአረጋውያን ክፍል፤ ቀለሙ፥ ብርሃኑና መተላለፊያው

በዓል ሲደርስ ቤትን ማሳመር የአገራችን ልማድ ነው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፥ ዐደይ አበባ ይደረደራል፥ በገና ጊዜም ብልጭ ድርግም የሚሉ አምፖሎች ይሰቀላሉ። ይህ ልማድ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከሲ.ኤም.ሲ ባሻገር በአያት በኩል የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ ተመሥርቶ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። እንዲህ ወዳለ ቤት ሄደው በዓል ለማድመቅ የሚሹ ተማሪዎች ሊያውቁት የሚገባውን ነገር በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን የሽማግሌን ዓይን እንመልከት። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ብሌኑም ይጠብባል። ከዚህ የተነሣ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ደግሞም ቢጫው ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር፥ ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ አረንጓዴ አንድ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ረጋ ያለ ቀለም ማለት ሁሉን አፍዝዞ ማመሳሰል አይደለም። ግድግዳው ረጋ ያለ ይሁን፤ አረጋዊው ሊይዘው ወይም ፈልጎ ሊያገኘው የሚገባው ነገር ግን በደማቅነቱ ወይም በጥቁረቱ ከግድግዳው ተለይቶ ይታይ።

ለምሳሌ ያህል አራት አልጋ ያለበትን አንድ ክፍል እናስብ። ግድግዳው ክሬም ቀለም ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነጭ፥ መደገፊያ ብረቱም ነጭ ነው። ለእኛ ዓይን ክፍሉ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው፤ ለአረጋዊው ግን በሩም ብረቱም ከግድግዳው ጋር ተዋሕደው ጠፍተዋል። በሩና ብረቱ ጥቁር ቡናማ ቢቀቡ፥ የመጸዳጃው መቀመጫም ከነጩ ሳህን የሚለይ ጠቆር ያለ ቢሆን ነገሩ ይስተካከላል። ይህን ለመመርመር የክፍሉን ፎቶግራፍ በእጅ ስልክ አንሥቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይበቃል። በሥዕሉ ላይ ብረቱ ከጠፋ ለአረጋዊውም ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ቀለሙም የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም የመስኮቱን ፀሐይ መልሶ ዓይን ላይ ይወረውራልና።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፥ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚጥል በሽታን ያስነሣል የሚባለው ከአረጋውያን ይልቅ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚያይል ነው። የአረጋውያኑ ችግር ሌላ ነው። ያረጀ ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ፥ ከጨለማም ወደ ብርሃን ለመላመድ ይዘገያል፤ መብራቱ በተለዋወጠ ቁጥር እርምጃውን ማየት ይሳነዋል። የመርሳት ሕመም ያለበትም ሰው የሚዘለውን ጥላ ሰው ወይም እንስሳ አድርጎ ሊያየውና ሊደነግጥ ይችላል። እንግዲህ አምፖሎቹ ሳይጠፉ ሳይበሩ ጸንተው የሚበሩ ይሁኑ፤ ከአልጋው ፊት ለፊትም አይሰቀሉ። ሌሊት ግን ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ ደብዘዝ ባለና በማይቋረጥ ብርሃን ይብራ።

ከሁሉ የሚከብደው የወለሉ ነገር ነው። እርጥብ ቄጠማ ያንሸራትታል፤ ከምርኩዝ ጫፍና ከተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ጋር ይጠላለፋል፤ የወለሉንም ከፍታና ዝቅታ ይሸፍናል። በአረጋዊ ዘንድ አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎችም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ጥቁር ምንጣፍም ቢሆን የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ጉድጓድ መስሎ ሊታየው ስለሚችል፥ አልሻገርም ብሎ በደጃፉ ይቆማል። ይህን የሚያይ ሰው ግትርነት ነው ቢል ይሳሳታል፤ ምንጣፉ ሲነሣ ሰውዬው ቢያልፍ ምክንያቱ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ቄጠማ የሌለበት በዓል ለእነርሱ በዓል አይመስልም። ስለዚህ ቄጠማውን ከወለሉ አንሥተን በሰፊ ትሪ ላይ እንጎዝጉዘው፤ ረከቦቱንም በላዩ አድርገን ትሪውን በግድግዳው ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው። ሽታውም መልኩም ይቀራል፤ መንገዱም አይዘጋም። ዐደዩም በማይሰበር ዕቃ ሆኖ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ዓይን ትክክል ይቀመጥ።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ከመካከላችን አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ክፍሉን ይዙር። መተላለፊያው ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳይጠብ፥ ወንበሩ የሚዞርበትም ስፍራ 150 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ይለካ። የመብራት ሽቦ መንገዱን አቋርጦ ቢገኝ ወይም የወረቀት ጌጥ መደገፊያ ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ ቢታይ፥ ያ ጌጥ እንግዶች ሳይመጡ ይነሣ።