የአምስት ዓመት የሥራ ዕቅድ ለሒሳብ ተመራቂ

ከሒሳብ አያያዝ ትምህርት የሚመረቁትን ጓደኞቻችንን «ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ትሆናላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ኤሲሲኤ የተባለውን የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ማዕረግ እንይዛለን ይሉናል። በየትኛው ዓመት ስንት ፈተና እንደሚያልፉ ስንጠይቅ ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ አንዱን ዕቅድ በቁጥር ማየት ወደድን።

በ2018 ዓ.ም. በሚሠራበት ደንብ ፈተናዎቹ 13 ሲሆኑ፣ ለዲግሪ ባለቤት እንደ ትምህርቱ የተወሰኑት ይቀነሱለታል። የ36 ወር የሥራ ልምድም ግዴታ ነው። አምስት ተቀነሰለት እንበል፤ ስምንት ይቀሩታል። ፈተናው በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና የግብር ማስታወቂያው ጊዜ ለትልልቆቹ ግብር ከፋዮች ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ፣ በኦዲት ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሐምሌ ጀምሮ ፋታ አያገኝም። የሴፕቴምበሩን ፈተና ከወዲሁ ይተወው። በቀሩት ሦስት ጊዜያት አንዳንድ ፈተና ቢወስድ በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይጨርሳል። እኛ ግን በዓመት ሁለት ብቻ ይታሰብ እንላለን። እንዲህ ከሆነ አራት ዓመት ይፈጃል፤ አምስተኛው ዓመት ለወደቀበት ፈተና፣ ለሕመም፣ ለቤተሰብ ጉዳይ የተቀመጠ ነው።

ዕቅዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርመር፤ ይኸውም የኦዲቱ ጥድፊያ ካለፈ በኋላ በኅዳር፣ ደግሞም በግንቦት። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ፈተና ታለፈ፣ ምን ያህል ገንዘብ ተቀመጠ፣ የሥራው ልምድስ በአለቃ ተፈርሟል ወይ የሚለው ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት በመጨረሻው ነው። ፊርማውን ለሦስት ዓመት ያቆዩና አለቃው ሥራ ሲለቅ የሚመሰክርላቸው ያጣሉ። በየስድስት ወሩ የሚያስፈርም ግን ቢበዛ የስድስት ወሩን ቢያጣ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አራት ፈተና መታለፍ ነበረበት። ሦስት ከሆነ ዕቅዱ አይነካ፤ የትርፉ ዓመት ለዚህ ነውና። ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጥፋቱ ከጥናቱ ነው ወይስ ከሥራው ሰዓት? ሌሊቱን ሁሉ የሚያሠራ ቢሮ ከሆነ ወደ አንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል መዛወር ይቻላል፤ ልምዱ እዚያም ይቆጠራልና።

ያልታሰበ ነገር ሲመጣስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፈተናው ክፍያ በፓውንድ ስለሆነ፣ በብር ያጠራቀመው ሰው ለሁለት ፈተና ያሰበው ገንዘብ ለአንድ እንኳ በጭንቅ ሆነበት። በዚያ ዓመት አንድ ፈተና ብቻ ወስዶ የሥራ ልምዱን ማስፈረሙን የቀጠለ ሰው የተጎዳው በአንድ ፈተና ነው። ለሚቀጥለው አንድ ፈተና የሚበቃ ገንዘብ ምንጊዜም ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚከፈለውም ምዝገባው እንደ ተከፈተ ይሁን፤ ቆይቶ ለሚመዘገብ ክፍያው ከፍ ይላልና።