አንዷ ደንበኛ ሦስት ስትሆን

አንዲት ልብስ ነጋዴ የደንበኞቿን ስልክ በሞባይሏ፣ በጂሜይልና በኤክሴል ዝርዝር ትይዛለች እንበል። ሦስቱን ስታገናኝ አልማዝ የተባለችው ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግባ ታገኛታለች። ዋናው ምክንያት የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ሞባይሉ ላይ በ09፣ ጂሜይል ላይ በ+2519 ይጀምራል፤ ኤክሴል ደግሞ የፊተኛዋን ዜሮ ስለሚያጠፋት በ9 ይጀምራል። ስሙም አንዱ ጋ በአማርኛ፣ ሌላው ጋ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ በስም ማመሳከር አይቻልም።

ስለዚህ ማጽዳቱ ከማገናኘቱ ይቅደም። በመጀመሪያ የሦስቱንም ቅጂ ታስቀምጥ። ቀጥሎ በኤክሴል የስልኩን ዓምድ ወደ Text ቀይራ ቁጥሮቹን ሁሉ በ+251 ታስጀምር። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ Google Contacts ታስገባ፤ Merge & fix የሚለው ክፍል ተደጋጋሚዎቹን ለይቶ ያቀርብላታል። ሁሉንም በአንዴ ማዋሃድ ግን አደጋ አለው፤ በአንድ ቁጥር የሚጠቀሙ ባልና ሚስት ሁለት ደንበኞች ናቸውና። ከተሳሳተች የ30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አላት።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ስም በሲም ላይ ሳይሆን በጉግል አካውንቷ ይመዝገብ። የኤክሴሉን ዝርዝር ከዚያው ታውጣ እንጂ አሮጌውን ፋይል መልሳ አታስገባ፤ ድግግሞሹ የሚመለሰው በዚያ በር ነው።