«ሞተሩ ተቃጠለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በፎገራ ሜዳ የጉማራ ወንዝን ተከትለው ሽንኩርት የሚያለሙ የአንድ መስኖ ማኅበር አርሶ አደሮች፣ በ2016 ዓ.ም ጥር ወር ከአራት የውሃ ፓምፖቻቸው ሦስቱ ቆሙባቸው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሮ ስለነበር ብዙ ቀን ያለ ውሃ መቆየት አይችልም። ፓምፖቹ ከባሕር ማዶ አቅራቢ የተገዙት ከ12 ወር ዋስትና ጋር ነው። ስለዚህ የወረዳው የመስኖ ባለሙያ የብልሽቱን ሪፖርት በአማርኛ አዘጋጀ፤ ሪፖርቱም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ተላከ።

የአቅራቢው መልስ ግን አሳዛኝ ነበር። አንደኛ፣ የዋስትናው ጊዜ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል አለ። ሁለተኛ፣ ፓምፖቹ በቀን 18 ሰዓት ያለ እረፍት ሠርተዋል አለ። ሦስተኛ፣ በእሳት ለወደመ ሞተር ኃላፊነት የለብኝም ሲል ደመደመ።

ሦስቱም ከትርጉሙ የመጡ ነበሩ። ሪፖርቱ የግዢውን ቀን 5/3/2016 ይላል። ይህ በእኛ ኅዳር 5 ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው። አቅራቢው ግን በራሱ አቆጣጠር አንብቦ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት» የሚለው የስድስት ሰዓት ሥራም ቁጥሩ ሳይለወጥ በመተርጎሙ፣ ከሌሊት እስከ ምሽት ሆኖ ተነበበ።

ከባዱ ግን «ሞተሩ ተቃጠለ» የሚለው ነበር። በአካባቢው «ሞተር» ሲባል ነዳጅ የሚጠጣው ክፍልም፣ ውሃ የሚገፋው ክፍልም፣ ሁለቱ አንድ ላይም ይጠሩበታል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ኢንጂን»፣ ሁለተኛው «ፓምፕ» ነው።

ሁለተኛውን ትርጉም እንዲሠሩ የተጠየቁት የእንግሊዝኛ መምህር ወረቀቱን ይዘው ከባለሙያውና ከጥገና ሠራተኛው ጋር ወደ ወንዙ ወረዱ። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱትን አዛውንት «አባባ፣ ተቃጠለ ሲሉ እሳት አይተው ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው። «እሳትስ የለም ልጄ» አሉ አዛውንቱ፤ «ሞተሩ ይነሳል፤ ውሃ ግን እንቢ አለ። ቆይቶ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝና አጠፋሁት።»

ፓምፑ ሲፈታ ነዳጅ የሚጠጣው ክፍል ደህና ነበር። የተበላሸው ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋው ሲል ነው፤ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል። ይህን ክፍል የሚያቀዘቅዘው የሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ፓምፑ ውሃ ሳይዝ መዞሩን ያሳያል።

ቀጥሎ ውሃው ለምን እንደቀረ ተፈተሸ። የመምጠጫው ቱቦ መጋጠሚያዎች ግራሶ ተቀብተው በሌላኛው ደህና ፓምፕ ተሞከሩ፤ ለውጥ ስላልመጣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንደሌለ ታወቀ። ከዚያ ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ያለው ከፍታ በሜትር ተለካ። በኅዳር 4 ሜትር የነበረው፣ ወንዙ ሲጎድል 6 ሜትር ተኩል ደርሷል።

የአቅራቢው መመሪያ ፓምፑ እስከ 7 ሜትር እንደሚስብ ይናገራል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1ሺህ 800 ሜትር ገደማ በሆነው በፎገራ ከመሳብ አቅሙ 2 ሜትር ያህል ይጎድላል። ስለዚህ የፓምፑ ልክ 5 ሜትር አካባቢ ነው።

አዲሱ ትርጉም ይህንኑ በቅደም ተከተል አሰፈረ። ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ተጻፉ፤ ሰዓቱ ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ «በቀን ስድስት ሰዓት» ተባለ። «ተቃጠለ» የሚለው ወጥቶ «ኢንጂኑ ይሠራል፤ የፓምፑ ሲል በሙቀት ተሰንጥቋል» በሚል ተተካ። የቦታው ከፍታና የተለካው 6 ሜትር ተኩል፣ በፓምፑ ላይ ከተለጠፈው መለያ ቁጥር ፎቶግራፍ ጋር ተያያዙ።

6 ሜትር ተኩሉ ይቅር የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር፤ ጥፋቱ የአርሶ አደሩ ይመስላል በሚል። መምህሩ ግን አልተስማሙም። የተሰነጠቀውን ሲል የሚያይ የፋብሪካ ባለሙያ ፓምፑ በደረቁ መዞሩን ማወቁ አይቀርም፤ ከፍታው ከተደበቀ የቀረውንም አያምንም። ደግሞም መመሪያው ስለ ቦታ ከፍታ አንዳች አለመናገሩ የአቅራቢው ድርሻ ነው።

አቅራቢው በሁለተኛው ደብዳቤ ዋስትናው እንዳላለፈ ተቀብሎ ሦስት ሲሎችን ያለ ክፍያ ለመላክ ተስማማ። ዳግም በተመሳሳይ ምክንያት ከተሰነጠቁ ግን እንደማይተካ አስታውቋል።

አርሶ አደሮቹ ዕቃው እስኪመጣ ወንዙን ዳር ቆፍረው እርከን በማውጣት፣ የቀረውን አንድ ፓምፕ 2 ሜትር ተኩል ዝቅ አደረጉት። አሁን የሚስበው ከ4 ሜትር ነው፤ ሽንኩርቱንም በተራ እያጠጡ ይገኛሉ። እርከኑ ክረምት ሲገባ በጎርፍ ስለሚዋጥ፣ ፓምፑን ቀድሞ ማውጣት ግድ ይላቸዋል።