የአየር ማቀዝቀዣ መብራት ሲመለስ ስለ ምን ይዘገያል? ስታቢላይዘርስ ይረዳዋልን?



እንደ ድሬዳዋ፣ እንደ ጋምቤላና እንደ ሰመራ ባለ የቆላ ከተማ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ሁሉ ይህን ነገር ሳታዩት አትቀሩም። ከቀትር በኋላ መብራት ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶም ይመለሳል። አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ግን ነፋስ ብቻ እየነፋ፣ ቅዝቃዜ ሳይሰጥ ሦስት ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህን ጊዜ አንዱ «ተበላሸ» ብሎ ማብሪያውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ሌላው ደግሞ «ስታቢላይዘር ቢገዛለት ኖሮ እንዲህ ባልሆነ» ይላል። የፊተኛው ሰው መሣሪያውን ይጎዳዋል፤ የኋለኛው ሰው አሳብ ግን በከፊል ትክክል፣ በከፊልም ስሕተት ነው። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

የአየር ማቀዝቀዣ ልቡ ኮምፕረሰር የተባለው ክፍል ነው። ኮምፕረሰር ማለት በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለበት፣ ጋዝን ከአንድ ወገን እየሳበ ወደ ሌላው ወገን አጥብቆ የሚገፋ መጭመቂያ ነው። የተጨመቀው ጋዝ ይግላል፤ ሙቀቱንም ከቤት ውጭ ባለው ክፍል አማካይነት ለአየር ከሰጠ በኋላ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹም እጅግ ቀጭን በሆነ ቱቦ ወይም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ክፍል ሲደርስ ግፊቱ ይወርዳል፤ እንደ ገናም ወደ ጋዝነት ሲለወጥ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ከኮምፕረሰሩ በአንድ ወገን ብርቱ ግፊት፣ በሌላው ወገን ደካማ ግፊት አለ ማለት ነው። በሞቃት ቀን ብርቱው ከደካማው ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል፤ ግፊቱ ግን ወዲያው አይስተካከልም። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በዚያው በቀጭኑ ቱቦ ብቻ ስለ ሆነ ጋዙ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ግፊቱም እስኪመጣጠን ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። መሣሪያው የሚጠብቀው ይህን ነው።

ባይጠብቅስ ምን ይሆናል? በአነስተኛ የቢሮ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው የተለመደው ሞተር በመነሻው ጊዜ ያለው የማዞር ኃይል ጥቂት ነው። ግፊቱ በተመጣጠነ ጊዜ በቀላሉ ይነሣል፤ ብርቱ ግፊት ፊት ለፊት ሲገጥመው ግን ሙሉ 220 ቮልት ቢያገኝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሊዞር አይችልም። የማይዞር ሞተርም ኮረንቲ ይስባል እንጂ ዝም አይልም። በሥራ ላይ 5 አምፔር የሚወስድ ኮምፕረሰር ተይዞ ሲቀር 25 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ኮረንቲው አምስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል።

ይህን አደጋ የሚከለክል አንድ ትንሽ መጠበቂያ በኮምፕረሰሩ ላይ ተገጥሟል። ሲግል ኮረንቲውን ይቆርጣል፤ ሲበርድ መልሶ ያገናኛል። ከውጭው ክፍል አጠገብ የቆመ ሰው መጀመሪያ ጥቂት ሰከንድ የሚያህል የታፈነ እምምታ፣ ቀጥሎም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ኮምፕረሰሩ ለመነሣት ሞክሮ እንዳልቻለና መጠበቂያው እንደ ቆረጠው ይወቅ። አንድ ጊዜ ከጋለም እስኪበርድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሦስት ደቂቃ ያልታገሠ ሰው ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህም በየዕለቱ ሲደጋገም የሞተሩ ሽቦ ልባስ እየተቃጠለ ሄዶ በመጨረሻ ኮምፕረሰሩ ይሞታል።

በዛሬዎቹ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆጥሮ ኮምፕረሰሩን የሚያስነሣ ስለ ሆነ ዘግየት ማለቱ የጤንነት ምልክት ነው። በመስኮት ላይ የሚገጠሙት፣ በእጅ በሚዞር ቁልፍ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ቆጣሪ የላቸውም። ስለዚህ መብራት እንደ ጠፋ ቁልፉን ወደ ማጥፊያው ማዞር፣ መብራት ከተመለሰም አምስት ደቂቃ ቆይቶ መክፈት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስታቢላይዘር እንመለስ። ስታቢላይዘር ከመንገድ የሚመጣው ቮልቴጅ ዝቅ ሲል ከፍ አድርጎ፣ ከፍ ሲል ዝቅ አድርጎ ለመሣሪያው የሚያቀርብ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ከራሱ የሚሰጠው ምንም ኃይል የለውም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውንም የጋዝ ግፊት ሊያስተካክል አይችልም። ስለዚህ የጥበቃውን ደቂቃ አያሳጥርም። እንዲያውም ብዙዎቹ ስታቢላይዘሮች የራሳቸው የማዘግያ ቆጣሪ አላቸውና፣ ስታቢላይዘሩ ሦስት ደቂቃ፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ ሌላ ሦስት ደቂቃ ቢቆጥሩ ስድስት ደቂቃ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው አዲሱን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል። ቆጣሪ ለሌለው ለአሮጌው የመስኮት ማቀዝቀዣ ግን ይህ ማዘግያ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ስታቢላይዘር በእውነት የሚረዳው ቮልቴጁ ዘወትር ዝቅ በሚልበት ስፍራ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በድሬዳዋ ባለ አንድ ቢሮ 12,000 ቢቲዩ የሆነ ማቀዝቀዣ አለ እንበል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ማቀዝቀዣው ሦስት ደቂቃውን በትክክል ጠበቀ፤ ሆኖም እምም ብሎ ቀጭ አለ። ግፊቱ ተመጣጥኖ ሳለ ስለ ምን አልተነሣም? የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ቢለካ ቮልቴጁ 220 መሆኑ ቀርቶ 180 ሆኖ ተገኘ። የሞተር የማዞር ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ በ180 ቮልት የሚቀረው ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ብቻ ነው። ለዚህ ቢሮ ስታቢላይዘር ትክክለኛ መድኃኒት ነው።

ነገር ግን መለካቱ በሁለት ጊዜ መሆን አለበት፤ አንደኛ ማቀዝቀዣው ሳይነሣ፣ ሁለተኛ በሚነሣበት ቅጽበት። አስቀድሞ 215 የነበረው ቮልቴጅ ኮምፕረሰሩ ሊነሣ ሲል ብቻ ወደ 175 የሚወድቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደው ሽቦ መቅጠኑ ወይም መጋጠሚያው መላላቱ ነው። በዚህን ጊዜ ስታቢላይዘር መግጠም ነገሩን ያባብሰዋል፤ 175ን ወደ 220 ለማንሣት ከዚያው ከቀጭኑ ሽቦ አንድ አራተኛ ያህል ተጨማሪ ኮረንቲ ይስባልና። መድኃኒቱ ሽቦውን በወፍራም መለወጥ ነው። በሁለቱም ጊዜ ቮልቴጁ ከ210 በላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ቆጣሪ ላለው ማቀዝቀዣ ስታቢላይዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

መግዛት ካስፈለገም መጠኑ ለሥራው ኮረንቲ ብቻ ሳይሆን ለመነሻውም የሚበቃ ይሁን። ከላይ ለጠቀስነው ማቀዝቀዣ 3 ወይም 4 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚሆነውን መምረጥ የተለመደ ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት ማቀዝቀዣዎች ሞተራቸውን ከዝግታ ጀምረው ስለሚያስነሡ የመነሻ ኮረንቲያቸው አነስተኛ ነው፤ ብዙዎቹም ሰፋ ያለ የቮልቴጅ ልዩነት ይችላሉ። በማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ የሚችለውን ወሰን ማወቅ ከመግዛት ይቅደም።

እንግዲህ በአጭሩ፣ የግፊቱ መድኃኒት ጊዜ ነው፤ የቮልቴጁ መድኃኒት ስታቢላይዘር ነው፤ የቀጭኑ ሽቦ መድኃኒት ወፍራም ሽቦ ነው። አንዱ የሌላውን ስፍራ ሊይዝ አይችልም። መብራት ተመልሶ ማቀዝቀዣው ዝም ባለ ጊዜ ሰዓታችሁን ተመልከቱ እንጂ ማብሪያውን አትንኩ። ስድስት ደቂቃ አልፎ ካልተነሣ ወይም እምምታውንና ቀጭታውን ከሰማችሁ ግን አጥፍታችሁ፣ ቮልቴጁን የሚለካ ባለሙያ ጥሩ።