ፖስቱ ሳይወጣ ሲቀር፦ ለተረካቢ የሚጻፍ ማስታወሻ

ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ እናስብ። ቴሌግራም ቻናሉ ላይ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የአንድ ቀሚስ ፎቶ ከነዋጋው ይወጣል። የሚለጥፈው ቦት ነው። ሠራተኛዋ ፎቶውንና ዋጋውን ጎግል ሺት ላይ ትሞላለች፤ ሰርቨር ላይ ያለ አጭር ፕሮግራም ሰዓቱ ሲደርስ ያልተላከውን የመጀመሪያ ረድፍ አንብቦ ይልካል። አሁን ሥራ ልትለቅ ነውና ለተተኪዋ ማስታወሻ ትጽፋለች።

መጀመር ያለባት ከሰዓቱ ነው። ሱቁ ጠዋት 3 የሚለውን ስልክ 9:00 ብሎ ያሳያል። ሰርቨሩ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ያው ሰዓት ለእሱ 06:00 ነው። ስለዚህ መርሐ ግብሩ እንዲህ ተጽፏል፦

```
0 6 * * * /home/shop/post.sh
0 16 * * * /home/shop/post.sh
```

የመጀመሪያው ቁጥር ደቂቃው፣ ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ 16 የእኛ ማታ 1 ሰዓት ነው። ይህ ካልተብራራለት ተረካቢው 6ን ስህተት መስሎት ወደ 3 ይቀይረዋል፤ በማግስቱ ፖስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ የብልሽቱ ክፍል ይመጣል። እኔ ብሆን በትልቁ የምጽፈው “ፕሮግራሙን እንደገና ከማስነሳትህ በፊት ቻናሉን ክፈት” የሚለውን ነው። ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ፎቶው ቴሌግራም ደርሶ መልሱ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮግራሙ እንዳልተላከ ስለሚቆጥር፣ ሲነሳ ያንኑ ቀሚስ ደግሞ ይለጥፈዋል። ፎቶው ቻናሉ ላይ ካለ ሺቱ ላይ “ተልኳል” ብሎ መሙላት ይበቃል።

ከሌለ የሎግ ፋይሉን የመጨረሻ መስመር ማየት ነው። 401 ካለ ቶክኑ አይሠራም፤ 403 ካለ ብዙ ጊዜ ቦቱን ከቻናሉ ያስወጣው ሰው አለ። 400 ሆኖ እንዲህ ካለ ግን ጥፋቱ ሺቱ ላይ ነው፦

```
Bad Request: message caption is too long
```

ቴሌግራም ከፎቶ ሥር የሚፈቅደው ጽሑፍ እስከ 1024 ፊደል ነው። የጥልፉን ዓይነት፣ የነጠላውን ርዝመት፣ የሱቁን አድራሻ ሁሉ አንድ ላይ የጻፈ ሰው ይህን ያልፋል። ያ ረድፍ ስለማይላክ ጠዋትም ማታም ይሞከራል፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። ጽሑፉን ማሳጠር ብቻውን ሰልፉን ይለቀዋል።

ዋጋ በድንገት ሲጨምር ደግሞ ማቆሚያው መታወቅ አለበት፦ `crontab -e` ብሎ በሁለቱም መስመሮች መጀመሪያ ላይ `#` ማስገባት፣ ዋጋው ሺቱ ላይ ሲስተካከል መልሶ ማንሳት።

የቀረው ባለቤትነቱ ነው። ቦቱ የተከፈተው በሠራተኛዋ የግል ቴሌግራም ከሆነ ከመውጣቷ በፊት `@BotFather` ላይ ገብታ ወደ ሱቁ ስልክ ታዛውረው። ከዚያ ተረካቢው ራሱ `/revoke` ብሎ አዲስ ቶክን ያወጣል፤ አሮጌው ወዲያው ስለሚሞት አዲሱን ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይተካ የማታው 1 ሰዓት መድረስ የለበትም።