ሳይወልዱ ወተት፣ ሳያረግዙ የወር አበባ መቅረት፦ ስለ ፕሮላክቲን እና ስለ ካበርጎሊን

"ዶክተር፣ የወር አበባዬ ከቀረ ወራት አለፉ፣ የእርግዝና ምርመራው ግን ኔጌቲቭ ነው። ጡቴን ስጫነው ደግሞ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ምን ሆኜ ነው?" የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ዛሬ በደንብ ላስረዳችሁ።

ፕሮላክቲን ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን ነው። የሚመነጨው ከአንጎላችን ሥር ካለች፣ አተር ከምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ነው። ያለ እርግዝናና ያለ ማጥባት ሲበዛ ሰውነት እንደ አጥቢ እናት መሆን ይጀምራል። እንቁላል እንዲበስል ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው ትዕዛዝ ይዳከማል። እንቁላል አይወጣም፣ የወር አበባ ይዛባል ወይም ጭራሽ ይቀራል። እንቁላል ካልወጣ ደግሞ እርግዝና አይኖርም። ወተት ሁሉም ላይ አይታይም፤ ስለዚህ "እኔ ወተት የለኝም" ብላችሁ አትለፉት።

አንዲት የ29 ዓመት ታካሚዬን ላንሳ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው፣ የወር አበባዋ ለስምንት ወር ቀርቷል። ፕሮላክቲኗ 96 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ለብዙ ላብራቶሪዎች የላይኛው ገደብ 25 አካባቢ ነው። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ለኤም.አር.አይ ልትሰለፍ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር አጣራለሁ፦ እርግዝና አለ ወይ? ታይሮይዷ ደካማ ነው ወይ? ምን መድኃኒት ትወስዳለች? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው፣ እንዲሁም እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ፕሮላክቲንን በጣም ከፍ ያደርጉታል። ታዲያ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ያዘዘላችሁን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ እንዳታቆሙት! ጭንቀትና መርፌ መፍራትም ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቁጥሩ መጠነኛ ከሆነ አርፋችሁ ቁጭ ካላችሁ በኋላ ይደገም።

የእሷ ሲደገም 91 ሆነ፣ ታይሮይዷ ደህና ነው፣ መድኃኒትም አትወስድም። ያኔ ኤም.አር.አይ አዘዝኩ፤ ፒቱታሪዋ ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ እብጠት ታየች። "የአንጎል ዕጢ" ስትባል ፊቷ ተለወጠ። ይህ ካንሰር አይደለም። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ብዙዎቹ ሳያድጉ ይኖራሉ፤ ፕሮላክቲን የሚያመነጩትም በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በመድኃኒት ይታከማሉ።

መድኃኒቱ ካበርጎሊን ነው። ፕሮላክቲን እንደ መኪና ነው ካልን ፍሬኑ ከአንጎል የሚመጣው ዶፓሚን ነው። ካበርጎሊን ዶፓሚንን መስሎ ዕጢዋ ላይ ያለውን ያንኑ ፍሬን ይረግጣል። ስለዚህ የፕሮላክቲን መጠን ይወርዳል፣ እብጠቱም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። "በሳምንት ሁለቴ" የተባለውን "በቀን ሁለቴ" ብሎ የዋጠ ሰው ያጋጥመናል፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉበት።

ለታካሚዬ የ0.5 ሚሊግራሙን ግማሽ ፍሬ ሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ከእራት በኋላ ልትተኛ ስትል እንድትወስድ አዘዝኩ። ማታ የሆነው መጀመሪያ አካባቢ ስለሚያቅለሸልሽና ድንገት ሲነሱ ስለሚያዞር ነው። በወሩ 31 ሆነ፣ መጠኑን ወደ አንድ አንድ ፍሬ አሳደግነው፤ በሁለተኛው ወር 12 ገባ፣ በሦስተኛው ወር የወር አበባዋ መጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ አንድም ወር አበባ ሳታዩ ልታረግዙ ትችላላችሁ። መውለድ የማትፈልጉ መከላከያ ተነጋገሩ፤ የምትፈልጉ ከዘገየ ተመርመሩ። እንደ እሷ ትንሽ እብጠት ያላቸው ሲያረግዙ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን እናቆማለን። ትልቅ እብጠት ያላት ግን ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ማቀድ አለባት።

የልብ ቫልቭ ችግር ያለባችሁ፣ በልጅነት ቶንሲል ሰበብ ልባችሁ የተጎዳ ጭምር፣ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩን። አልፎ አልፎም ሰውን ቁማር ወይም ግዢ ላይ ሊያስጥደው ይችላል፤ ባልሽ "ምነው ቤቲንግ አበዛሽ?" ካለሽ ቀልድ ብለሽ አትለፊው። ስለተሻላችሁ ብቻም አታቁሙት፤ እብጠት ካለ ቢያንስ ሁለት ዓመት መውሰድ የተለመደ ነው፣ ስናቆምም ቀስ ብለን ነው።

ፕሮላክቲናችሁ ደህና ሆኖ እርግዝና ያስቸገራችሁ ካበርጎሊን አይጠቅማችሁም። ከዚያ ይልቅ ባልም የዘር ፍሬ ምርመራ ይደረግለት፤ የተዘለለበት ቤት ብዙ ነው። የሚበረታ ራስ ምታት ወይም የጎን እይታ መጥበብ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።